«ቁጠባ አያውቁም» የተባሉት ሰዎች ሒሳብ

በዋግ ኽምራ ስለ ገንዘብ ወሬ ሲነሳ ቶሎ የሚመጣ አንድ ፍርድ አለ፤ የገጠሩ ሰው ቁጠባ አያውቅም። ያለውን ሁሉ ፍየልና በሬ ያደርገዋል፣ የተረፈውን እህል ጎተራ ይከተዋል፣ ከዚያ ያለፈውን ለሠርግና ለተዝካር ያወጣዋል፤ ባንክ ቢያስቀምጠው ግን ወለድ እየወለደ ይጠብቀው ነበር ይባላል። ይህን የሚሉት የባንክ ሠራተኞች ብቻ አይደሉም። የልማት ሠራተኛው፣ የብድርና ቁጠባ ማኅበሩ አሠልጣኝ፣ ከተማ ሄዶ የተማረው ልጅም ለአባቱ ይኸንኑ ይነግራል። ጉዳዩ የባህል ጉድለት ተደርጎ ስለሚታይ መድኃኒቱም «ግንዛቤ ማስጨበጥ» ሆኖ ቀርቷል።

ፍርዱ አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ሒሳቡ አልተሠራም። ቢሠራ ኖሮ ባለፉት ዓመታት ገንዘቡን በሙሉ በብር ቆጥሮ ባንክ ያስቀመጠው ሰው እንደከሰረ፣ ኋላ ቀር የተባለው ባለ ፍየል ደግሞ ቢያንስ ከምን እንደሚሸሽ ያውቅ እንደነበር ይታይ ነበር።

ለሒሳቡ ጥሩ መነሻ የሚሆነው ጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። ብሔራዊ ባንክ ያን ጊዜ ሁለት ነገር በአንድ ላይ አደረገ፤ የብርን የምንዛሪ ተመን በ15 በመቶ ዝቅ አደረገ፣ ለቁጠባ የሚከፈለውን ዝቅተኛ ወለድ ደግሞ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ። አንድ የሰቆጣ መምህር በዚያ ሰሞን 10,000 ብር በቁጠባ ደብተር አስቀመጠና ለሰባት ዓመት አልነካውም እንበል። ወለዱ 7 በመቶ ነው፤ ከወለዱ ላይ 5 በመቶ ግብር ይቆረጣል፤ በእጁ የሚቀረው በዓመት 6.65 በመቶ ይሆናል። ወለዱ በወለድ ላይ እየታሰበ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሲደርስ ደብተሩ 15,700 ብር ገደማ ያሳያል። መምህሩ ገንዘቡ ከግማሽ በላይ እንዳደገለት ቢያምን አይፈረድበትም፤ ቁጥሩ አንድም ቀን ቀንሶ አያውቅማ።

አሁን ወደ ገበያው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2018 እስከ 2024 የአገሪቱ አማካይ የዋጋ ግሽበት በመቶ ሲታይ በመጀመሪያው ዓመት 14 ገደማ ነበር፤ ከዚያ 16፣ 20፣ 27 እያለ ወጣና 34 ደረሰ፤ ከዚያ ወደ 30፣ በመጨረሻም ወደ 21 ወረደ። እነዚህ ቁጥሮች የሚደመሩ አይደሉም፤ እያንዳንዱ ዓመት ካለፈው ዓመት በወጣው ዋጋ ላይ ነው የሚጨምረው። ሰባቱ ሲባዙ ዋጋ በአማካይ ከአራት እጥፍ በላይ፣ 4.2 እጥፍ ገደማ ሆኗል። የመምህሩ 15,700 ብር ለ4.2 ሲካፈል 3,700 ብር ይሆናል። ይኸ ማለት ከሰባት ዓመት ትዕግሥት በኋላ ደብተሩ ላይ ያለው ገንዘብ የሚገዛው በ2010 ዓ.ም. 3,700 ብር ይገዛ የነበረውን ያህል ነው። ከአንዱ ብር 63 ሳንቲሙ ሄዷል።

በሌላ መንገድም ማየት ይቻላል። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. አንድ ዶላር ወደ 27 ብር ነበር፤ 10,000 ብር 372 ዶላር ያህል ይመነዘራል። ከሰባት ዓመት በኋላ ዶላሩ በባንክ ከ115 ብር በላይ ደርሷል፤ 15,700ው ብር ከ137 ዶላር አይበልጥም። 137 የ372 ስንት ነው ቢባል መልሱ እንደገና 37 በመቶ አካባቢ ነው።

አንደኛው መንገድ በቅቤና በጤፍ፣ ሁለተኛው በዶላር ተነስቶ አንድ ቦታ መድረሳቸው እንዲያው አጋጣሚ አይደለም። ረዘም ባለ ጊዜ ውስጥ የአንድ አገር ዋጋ ከሌላው እየፈጠነ ሲወጣ ምንዛሪውም ተከትሎ ይወርዳል። በእኛ አገር የተለየው ነገር አካሄዱ ነው። ይፋዊው ተመን ለዓመታት እንደ ደረጃ ትንሽ በትንሽ ብቻ እንዲወርድ ተይዞ ቆየ፤ ዋጋው ግን ማንንም አልጠበቀም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲፈቀድ በዋዜማው 57 ብር ከምናምን የነበረው ዶላር በመጀመሪያው ቀን ብቻ ወደ 75 ብር ተጠጋ፤ ነሐሴ ሳያልቅም ከ100 ብር አለፈ።

እዚህ ላይ ሁለተኛው የተለመደ አስተያየት ይመጣል፤ የሰውን ቁጠባ የበላው የሐምሌው ውሳኔ ነው የሚለው። በከተማ ወሬ ይኸ ከምንም በላይ ይደመጣል። ከላይ ያለው ሒሳብ ግን ይህንን አይደግፍም። ከሰባቱ ዓመታት የዋጋ ጭማሪ አብዛኛው የመጣው ከውሳኔው በፊት ነው። በትይዩ ገበያ፣ ሰው ጥቁር ገበያ በሚለው፣ ዶላሩ ከውሳኔው በፊትም ከ100 ብር በላይ ይሸጥ ነበር። የመምህሩ ገንዘብ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አልጠፋም፤ ቀድሞ በየወሩ ሲጠፋ ከርሞ በሐምሌ ተነገረው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ ኪሳራው በአንድ ቀን የደረሰ የሚመስለው ሰው ቀጣዩን የሚጠብቀው እንደ ድንገተኛ አዋጅ ነው፤ ነገሩ ግን ሳምንት በሳምንት በገበያ ቀን የሚሠራ ነው።

ሦስተኛውም አለ። ምንዛሪ የነጋዴ ጉዳይ ነው፤ ዶላር አይቶ ለማያውቅ የዝቋላ ገበሬ ምኑ ነው የሚሉ አሉ። ገበሬው ዶላር አይግዛ እንጂ በዶላር የተገዛ ነገር ይገዛል። ማዳበሪያው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። የቤቱ ቆርቆሮ ጥሬ ዕቃ፣ የምግብ ዘይቱ፣ የጤና ጣቢያው መድኃኒት፣ የልጁ ደብተር ወረቀት እንዲሁ። ሰቆጣ ደግሞ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ከተራራ መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ሁሉም ነገር የሚደርሳት በጭነት መኪና ነው፣ መኪናውም የሚጠጣው ከውጭ የገባ ናፍጣ። የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. 48 ብር ገደማ ነበር፤ በጥር 2017 ዓ.ም. ከ101 ብር አለፈ። ከአዲስ አበባ በራቀ ቁጥር የምንዛሪ ለውጥ እየከበደ ይመጣል እንጂ አይቀልም።

የዋግ ሰው ይህንን ከመጽሐፍ አላነበበውም፤ በክፍያ ቀን አይቶታል። የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የዋግ ወረዳዎች ከታቀፉት መካከል ነበሩ። ለአንድ ቀን ሥራ የሚከፈለው 6 ብር ሆኖ ተተመነ፤ ስሌቱም ግልጽ ነበር፣ 6 ብር በጊዜው ሦስት ኪሎ እህል ይገዛ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ከእህል እርዳታ ወደ ብር ማለፍ ሰውን ከተረጂነት ያወጣል፣ ገበያውንም ያንቀሳቅሳል፣ ተቀባዩም የመረጠውን ይገዛል ተባለ። ከዚያ የ2000 ዓ.ም. የዋጋ ንረት መጣ። በሐምሌ 2000 ዓ.ም. ዓመታዊው ግሽበት ከ60 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር፤ እህል ከዚያም በላይ ንሯል። የቀን ክፍያው በዚያው ዓመት ወደ 8 ብር ከፍ ቢልም ሦስት ኪሎውን መልሶ አላመጣም።

ታዲያ ተጠቃሚዎቹ ምን አሉ? በየወረዳው በተደረጉ ጥናቶች ብዙዎቹ ከብሩ ይልቅ እህሉ ይሰጠን አሉ። ይህ በሰፊው የተመዘገበ ነገር ነው። ያኔ አንዳንድ ባለሙያዎች ነገሩን እንደ ወደ ኋላ መመለስ አይተውት ነበር፤ ሰዉ የገንዘብን ጥቅም ገና አልተረዳም ተባለ። የተረዳው ግን እሱ ነበር። እህሉ ሦስት ኪሎ ሆኖ ይቆያል፤ ብሩ ስድስትም ይሁን ስምንት ሦስት ኪሎ ሆኖ አይቆይም። ይህን የምርጫ ለውጥ ያመጣው ባህል ቢሆን ኖሮ በሦስት ዓመት ውስጥ አይለዋወጥም ነበር።

ደግሞ ሰቆጣ የገንዘብ ትምህርት ከባንክ በፊት ያገኘች ከተማ ናት። ከአፋር ምድር የሚቆረጠው አሞሌ ጨው በትግራይ በኩል አልፎ የሚራገፍባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች፤ አሞሌውም ሸቀጥ ብቻ ሳይሆን መገበያያ ገንዘብ ነበር። ከመነሻው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይወጣል፣ ሲሰበር ይረክሳል፣ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ይሟሟል። አሞሌ ሀብት ነው ብሎ ክረምትን ሜዳ ላይ ያሳደረው ነጋዴ ምን እንደሚገጥመው ለማንም ግልጽ ነበር፤ በደብተር ላይ ያለ ብር የሚሟሟበት መንገድ ግን ለዓይን አይታይም፣ ቁጥሩ እንዳለ ይቀመጣልና። ለትልቁ ግብይት ማርትሬዛ ብር ነበረ፤ 28 ግራም የሚመዝን፣ ከዚያ ውስጥ ከ23 ግራም በላይ ንጹሕ ብር ያለበት። እሱም ቢሆን ዘላለማዊ መጠለያ አልነበረም። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የብር ማዕድን በዓለም ገበያ ከወርቅ አንጻር ሲረክስ ማርትሬዛም አብሮ ወረደ። ስለዚህ የብር ኖት ክፉ፣ የጥንቱ ገንዘብ ደግ የሚል ናፍቆት እዚህ ቦታ የለውም። ችግሩ ሀብትን በሙሉ በአንድ ነገር ብቻ መያዝ ነው፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ አንዱ ነገር መጠኑን ሌላ ሰው የሚጨምረው ሲሆን ነው።

የወረቀቱ ብር ታሪክ ይኸን ያጎላዋል። እስከ 1985 ዓ.ም. መስከረም ድረስ አንድ ዶላር በይፋ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። ከዚያ በአንድ ጊዜ 5 ብር ሆነ፤ ነሐሴ 2002 ዓ.ም. ላይ ከ13 ብር ከምናምን ወደ 16 ብር ከምናምን ዘለለ፤ ቀሪውን ከላይ አይተናል። በ1984 ዓ.ም. ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ መቶ ብር በይፋዊው ተመን 48 ዶላር ነበር። በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ያው መቶ ብር ከ80 የዶላር ሳንቲም ያንሳል። የድሮው ይፋዊ ተመን ራሱ የተጋነነ ነበር ቢባል እውነት ነው፤ የዚያን ጊዜ መቶ ብር ግን በሬ ባይገዛ እንኳ ከበሬ ዋጋ ላይ ትርጉም ያለው ድርሻ ነበረው።

ለባንክ የሚከራከሩ ሰዎች ጠንካራው መልሳቸው ፍየሏ ትሞታለች የሚለው ነው። ይኸ ቀላል መልስ አይደለም፤ ዋግ ውስጥ በተለይ። በ1977 ዓ.ም. የሆነውን የማያውቅ የለም፤ በ2008 ዓ.ም. እና እንደገና በ2015 እና 2016 ዓ.ም. ድርቅ በዝቋላ፣ በሰሃላና በአበርገሌ ቆላዎች ከብት ፈጅቷል። ድርቅ ደግሞ ገዳይነቱ በሞቱት ብቻ አይደለም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ፍየሉን ገበያ ስለሚያወጣ የፍየል ዋጋ ይወድቃል፣ በዚያው ቀን የማሽላ ዋጋ ይወጣል። አማርትያ ሴን ስለ ረሃብ በጻፈው ታዋቂ መጽሐፍ ይህንኑ በወሎ አጥንቷል፤ በ1960ዎቹ የወሎ ረሃብ አርብቶ አደሩን የጎዳው የከብቱ ሞት ብቻ ሳይሆን በቀሩት ከብቶች የሚገዛው እህል ማነሱም መሆኑን አሳየ። ዋግም ያኔ በወሎ ሥር ነበር። እንግዲህ ሀብቱን በሙሉ ፍየል ያደረገ ሰውም ሀብቱን በሙሉ በአንድ ገንዘብ አድርጓል ማለት ነው።

ግን ማን ነው ሙሉውን ፍየል ያደረገው? የዋግ ገበሬ ቤት ገብቶ ያየ ሰው ሌላ ነገር ያገኛል። የአበርገሌ ዝርያ ፍየሎች ወተት እየሰጡ ይዋለዳሉ። ቀፎው በዝናብ ዓመት ማር ይሰጣል። በሬው ያርሳል። ጎተራው ውስጥ ያለው እህል እስከ ክረምቱ ያደርሳል። ቤቱ ላይ የተመታው ቆርቆሮ ደግሞ ሲቸግር ተነቅሎ የሚሸጥበት ጊዜ አለ። ትንሽ ጥሬ ብር በመቀነት ይታሰራል። የገንዘብ አዋቂዎች ሀብትን በተለያየ ቦታ ማስቀመጥ የሚሉትን ያለ ሥልጠና የሚያደርግ ሰው ነው ቁጠባ አያውቅም የተባለው። አሠልጣኙ ይህንን ሁሉ ሽጠህ ወደ ደብተር አስገባው ሲለው ከብዙ ወደ አንድ እየወሰደው ነው፤ ወደሚጠበቀው ሳይሆን በዓመት ከአሥር በመቶ በላይ ወደሚያንሰው።

ሌላው መልስ ባንክ ከሌባና ከእሳት ያድናል የሚል ነው። ያድናል። መስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲቀየሩ በየቤቱ ፍራሽ ሥር የነበረ ገንዘብ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ባንክ ካልገባ ከንቱ ይሆን ነበር፤ ባንክ የነበረው አልተጨነቀም። በሌላ በኩል በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ጦርነት በገባባቸው ከተሞች የባንክ በሮች ለወራት ተዘግተው ደብተር በእጁ ይዞ ዳቦ ያጣ ሰው ነበር። ባንክ ለጥበቃ እንጂ ዋጋን ለመጠበቅ አልተሠራም ብሎ በግልጽ የሚናገር ማስታወቂያ ቢኖር ግማሹ ክርክር ይቀር ነበር።

የጠፋው 63 ሳንቲም የት ሄደ የሚለውን ጥያቄ ሥልጠናዎቹ አያነሱትም። ገንዘቡ አልተነነም። ግሽበት 30 በመቶ ሆኖ የብድር ወለድ 15 ወይም 18 በመቶ ሲሆን ተበዳሪው ያተርፋል፤ የሚመልሰው ብር ከተበደረው የረከሰ ነውና። ትልቁ ተበዳሪ ደግሞ ሰቆጣ አይኖርም። ከሚያዝያ 2003 እስከ ኅዳር 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ካበደሩት ብድር 27 በመቶ የሚሆን የብሔራዊ ባንክ ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ በ3 በመቶ ወለድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር። በሦስት በመቶ የሚያበድር ባንክ ለአስቀማጩ ሃያ በመቶ ሊከፍል አይችልም። በዚህ ላይ መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ እየተበደረ የበጀት ጉድለቱን ሲሞላ ገበያ ውስጥ ያለው ብር በዛ፣ የእያንዳንዱም ዋጋ ቀነሰ። የትንሹ አስቀማጭ ገንዘብ ለፋብሪካ፣ ለመንገድ፣ ለግድብ ውሏል፤ አስቀማጩ ግን ይህንን ያህል እየሰጠሁ ነው ብሎ አልፈረመም።

የሕዳሴ ግድብ ቦንድ ልዩነቱን ያሳያል። አገር ቤት ያለው ሠራተኛ ቦንዱን የገዛው በብር ነው፤ ወለዱም 5.5 ወይም 6 በመቶ ነበር። በውጭ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ግን በዶላር፣ በፓውንድ ወይም በዩሮ መግዛት ይችል ነበር፤ የሚመለስለትም በዚያው ገንዘብ። ሁለቱም ለአንድ ግድብ፣ በአንድ ፍቅር ገዙ። ብዙ ሰው የብር ቦንዱን እንደ ስጦታ ቆጥሮታልና ቅሬታ አላሰማም፤ ስጦታ ከሆነ መልካም። ቁጠባ ነው ተብሎ ከተሸጠ ግን የዋሽንግተኑ ታክሲ ነጂና የሰቆጣው መምህር አንድ ነገር አልገዙም።

ባንክ ውስጥም እንዲሁ ነው። ሚሊዮኖች ያሉት ሰው በጊዜ ገደብ የሚቀመጥ ገንዘቡን ይዞ ገብቶ ከሥራ አስኪያጁ ጋር በወለዱ ይደራደራል፤ ሁለት አሃዝ ወለድ ያገኛል። ሁለት ሺህ ብር ያላት እናት መስኮቱ ላይ ቆማ 7 በመቶዋን ትቀበላለች። ቁጠባ የሚሰበከው ግን ለእሷ ነው።

ዕቁብም ከዚህ አላመለጠም፤ ብዙ ሰው ግን አላስተዋለውም። አሥራ ሁለት ሰው በየወሩ እኩል የሚጥልበት ዕቁብ እንውሰድ። ግሽበቱ በዓመት 30 በመቶ ከሆነ ዕጣው በመጨረሻው ወር የወጣለት ሰው የሚያገኘው ገንዘብ የመጀመሪያው ካገኘው ጋር ቁጥሩ እኩል ነው፤ የሚገዛው ግን ከአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል። አንደኛው የዕቁቡን ገንዘብ ይዞ አሁን ጥጃ ሲገዛ አሥራ ሁለተኛው በሚቀጥለው ዓመት ዋጋ ይገዛል። በዋጋ ንረት ጊዜ መጀመሪያ ዕጣ ለማግኘት የሚደረገው ልመና፣ ዕጣን በጉርሻ መሸጥና መግዛት የመጣው ከስግብግብነት ብቻ አይደለም። ዕድርም ለለቅሶ የሚከፍለው ገንዘብ በየጊዜው ካልተከለሰ ከዓመታት በኋላ ድንኳኑን እንጂ ንፍሮውን አይሸፍንም።

ዶላር ይግዙ ማለት መልስ አይሆንም። ለተራው ሰው የውጭ ገንዘብ በቤት ማከማቸት ሕጉ አይፈቅድም፤ ከጥቁር ገበያ መግዛትም ከሕግ ጋር ከማጋጨቱ ሌላ ሐሰተኛ ኖት የማግኘት አደጋ አለው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ግን የተለወጠ አንድ ነገር አለ፤ ከውጭ ሐዋላ፣ ደመወዝ ወይም ሌላ ገቢ የሚያገኝ በአገር ውስጥ የሚኖር ሰው የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፍት ደንቡ ቀለል ተደርጓል። ልጃቸው ሳዑዲ ወይም ቤይሩት ሆና የምትልክላቸው ቤተሰቦች ይህንን ሲሰሙ አይታዩም። ገንዘቡ እንደደረሰ ወደ ብር ይቀየራል፣ ቤት እስኪሠራበትም ሁለት ሦስት ዓመት በብር ይቀመጣል፤ ያቺ ልጅ በሰው ቤት የደከመችበት ገንዘብ ትልቅ ክፍል የሚሟሟው በዚያ ጥበቃ ውስጥ ነው። ስለ ቁጠባ ባህል ከሚሰጠው ሥልጠና ይልቅ ለእነዚህ ቤተሰቦች ይህችን አንድ ነገር ባንኩ ራሱ ቢነግራቸው ይበልጥ ይጠቅማል።

ለሌላው ሰው ጥያቄው ገንዘቡ መቼ ይፈለጋል የሚለው ነው። ለመጪው ሰኔ የማዳበሪያ ዕዳ፣ ለመስከረም የትምህርት ቤት ወጪ፣ ለሕክምና የሚያስፈልገው በባንክ ይቀመጥ፤ በስድስት ወር ውስጥ የሚደርሰው ጉዳት ትንሽ ነው፣ ጥበቃውም ያስፈልጋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ለሚታሰበው ግን ደብተሩ ቦታው አይደለም። ለዚያ ቆርቆሮውን አሁን መግዛት፣ ቀፎ መጨመር፣ ጊደር ማሳደግ፣ ድንጋይና እንጨት ማከማቸት ይሻላል፤ በፍየልም ቢሆን በቆላው ድርቅ ሲያንዣብብ ሁሉም ከመሸጡ በፊት ከፊሉን ሸጦ ለጊዜው ወደ ብር መመለስ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ባንኩ በእውነት ይጠቅማል፤ ፍየል በሚወድቅበት ሦስት ወር ብር ከፍየል ይሻላልና። ብሩ ዝናቡ ሲመለስ ወደ ፍየል ካልተመለሰ ግን ያ ጥቅም ይጠፋል።

ኪሳራውን ለማወቅ የምጣኔ ሀብት ትምህርት አያስፈልግም። የስታትስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የሚያወጣውን ዓመታዊ ግሽበት ደብተሩ ከሚከፍለው የተጣራ ወለድ ጋር ማነጻጸር በቂ ነው፤ ግሽበቱ ከበለጠ ትርፉ የይስሙላ ነው። ያንን የማያገኝ ሰው ባለው ገንዘብ ስንት ኩንታል ማሽላ ወይም ስንት ፍየል እንደሚገዛ በየስድስት ወሩ ደብተሩ ኅዳግ ላይ ይጻፍ። ብሩ እየጨመረ ፍየሉ እየቀነሰ ከሄደ ነገሩ ግልጽ ነው። የድርቅ ዓመት የፍየል ዋጋ እንዳያሳስት ማሽላውን ጨምሮ መጻፉ አይከፋም።

ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገድቦ ነበር፣ መንግሥት በቀጥታ የሚበደረውንም ቀንሷል፤ ግሽበቱ ወርዶ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ 14 በመቶ አካባቢ ደርሷል። መሻሻሉ እውነተኛ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣውም ክርክር ይታወቃል፣ አሁንስ ዋጋ ተረጋጋ፣ አሁንስ ቆጥቡ ይባላል። ሒሳቡ ግን እንደገና ይሠራ። ግሽበት በ13 በመቶ ቢረጋና የቁጠባ ወለድ በ7 በመቶ ቢቆይ፣ ዛሬ የተቀመጠ ገንዘብ ከአምስት ዓመት በኋላ የመግዛት አቅሙ በሩብ ያህል ይቀንሳል። በሰቆጣ አዳራሽ ስለ ቁጠባ ባህል የሚያሠለጥን ባለሙያ ሲመጣ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ይህንን ሩብ ማን እንደሚተካው ነው።